«ከምግብ በፊት»፣ «ከምግብ ጋር» እና «ከምግብ በኋላ»፦ በመድኃኒት ላይ የሚጻፉ የአወሳሰድ መመሪያዎች ትርጉምና ምክንያት

በመድኃኒት ማሸጊያ ወይም ከመድኃኒት ቤት በሚሰጠው ፖስታ ላይ፣ ከመጠኑና ከሰዓቱ ቀጥሎ አንድ አጭር ሐረግ ይጻፋል፤ «ከምግብ በፊት»፣ «ከምግብ ጋር» ወይም «ከምግብ በኋላ»። በሐኪም ማዘዣ ወረቀት ላይ ይኸው መመሪያ ኤሲ (ከምግብ በፊት) እና ፒሲ (ከምግብ በኋላ) በሚሉ የላቲን አህጽሮቶች ሊሰፍር ይችላል። ሐረጉ አጭር ቢሆንም ለአንዳንድ መድኃኒቶች መፈወስን ካለመፈወስ የሚለይ ነው። አንድ ዓይነት መድኃኒት፣ በአንድ ዓይነት መጠን የወሰዱ ሁለት ታካሚዎች፣ አንዱ ከምግብ ጋር ሌላው በባዶ ሆድ በመውሰዳቸው ብቻ በደማቸው ውስጥ የሚገኘው የመድኃኒት መጠን እጅግ ሊራራቅ ይችላል።

ይህ ጽሑፍ ሐረጎቹ በሰዓት ሲለኩ ምን ማለት እንደሆኑ፣ ምግብ የመድኃኒትን ወደ ደም መግባት እንዴት እንደሚለውጥ፣ እንዲሁም የምግብ ሰዓት ሲዛባ ወይም ታካሚው ጾም ላይ ሲሆን ምን ማድረግ እንደሚገባ ያብራራል።

ሐረጎቹ በሰዓት ሲለኩ

«በባዶ ሆድ» ማለት ምግብ ከመብላት ቢያንስ 1 ሰዓት በፊት ወይም ከበሉ ቢያንስ 2 ሰዓት በኋላ ማለት ነው። አንድ ታካሚ ምግብ ከበላ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሆዱ የቀለለው ቢመስለውም ጨጓራው ገና ባዶ አይደለም። በዚህ መመሪያ ወተት፣ ማኪያቶ፣ አጥሚትና የፍራፍሬ ጭማቂ እንደ ምግብ ይቆጠራሉ፤ መድኃኒቱ የሚወሰደው በንጹሕ ውኃ ብቻ ነው።

«ከምግብ በፊት» ማለት አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ቀደም ብሎ ማለት ነው። ይህ ሐረግ ሁለት የተለያዩ ፍላጎቶችን ሊይዝ ይችላል። አንዳንዱ መድኃኒት ምግብ እንዲርቅለት ይፈልጋል፤ ሌላው ደግሞ ምግብ በቅርቡ እንዲከተለው ይፈልጋል። ልዩነቱ ከዚህ በታች በዝርዝር ቀርቧል።

«ከምግብ ጋር» ማለት በምግቡ መካከል ወይም የመጨረሻው ጉርሻ እንደተዋጠ ወዲያውኑ ማለት ነው።

«ከምግብ በኋላ» ማለት ምግብ እንዳለቀ ወዲያውኑ፣ ቢዘገይ እስከ 30 ደቂቃ ድረስ ማለት ነው። በብዙዎች ዘንድ በስሕተት የሚተረጎመው ይህ ሐረግ ነው። «በኋላ» የሚለው ቃል ምግቡ እስኪፈጭ ተጠብቆ ማለት አይደለም። ከምሳ በኋላ እንዲወሰድ የታዘዘ መድኃኒት ከምሳ 2 ወይም 3 ሰዓት በኋላ ከተወሰደ በተግባር በባዶ ሆድ እንደተወሰደ ይቆጠራል።

ሌላው የተለመደ ስሕተት የመድኃኒቱን የጊዜ ብዛት በምግብ ብዛት መተካት ነው። «በቀን 3 ጊዜ» የሚለው መመሪያ መድኃኒቱ በደም ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ መሠረት ያደረገ ነው። ለምሳሌ አሞክሲሲሊን በቀን 3 ጊዜ ከታዘዘ በየ8 ሰዓቱ መወሰድ ይኖርበታል፤ ምግብም የዚህን መድኃኒት ወደ ደም መግባት ይህን ያህል አይለውጠውም። በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ የሚመገብ ታካሚ «ሦስተኛ ምግብ የለኝም» በማለት ሦስተኛውን መጠን ማስቀረት የለበትም።

ምግብ በሆድ ውስጥ መድኃኒቱን ምን ያደርገዋል?

አብዛኞቹ በአፍ የሚወሰዱ መድኃኒቶች ወደ ደም የሚገቡት በጨጓራ ሳይሆን ከጨጓራ ቀጥሎ ባለው ቀጭን አንጀት በኩል ነው። በባዶ ሆድ በአንድ ብርጭቆ ውኃ የተወሰደ ኪኒን ጨጓራን በአጭር ጊዜ አልፎ አንጀት ይደርሳል። ጨጓራ ምግብ ሲይዝ ግን መውጫውን አጥብቦ ምግቡን ቀስ በቀስ ይለቃል፤ ይህም ጥቂት ሰዓታት ይወስዳል፤ ቅባት የበዛበት ምግብ ሲሆን ደግሞ ከዚያም ይዘገያል። ኪኒኑም ከምግቡ ጋር ይቆያል።

ይህ መዘግየት ብቻውን ለብዙ መድኃኒቶች ጉዳት የለውም። መመሪያ የሚያስፈልገው ምግቡ ከመዘግየት ያለፈ ተግባር ሲኖረው ነው። እነዚህ ተግባራት በአራት ይከፈላሉ፤ ምግብ መድኃኒቱን ተሸክሞ ወደ ደም ያስገባል፤ ወይም መድኃኒቱን ይዞ ያስቀራል፤ ወይም መድኃኒቱ ሥራውን የሚሠራበት ዋና ምክንያት ይሆናል፤ ወይም ደግሞ ሆድን ከመድኃኒቱ ቁጣ ያስታግሳል። በፖስታው ላይ የተጻፈው ሐረግ ርቀቱን ብቻ ይነግራል። ታካሚው ከአራቱ የትኛው እንደሆነ ካወቀ ግን ቀኑ እንደታሰበው ባይሄድ እንኳ ምን ማድረግ እንዳለበት ይረዳል።

ምግብ ተሸካሚ ሲሆን፦ የወባ መድኃኒት

አርቴሜተር-ሉሜፋንትሪን፣ በተለምዶ ኮአርተም እየተባለ የሚጠራው፣ በኢትዮጵያ ከ1996 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2004) ጀምሮ ፋልሲፓረም በተባለው ተሕዋስ ለሚመጣ ያልተወሳሰበ ወባ የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ሆኖ የቆየ መድኃኒት ነው። በፖስታው ላይ «ከምግብ ጋር» የሚለው ሐረግ ከሁሉም በላይ ክብደት ከሚሰጣቸው መድኃኒቶች አንዱ ነው።

መድኃኒቱ የሁለት ንጥረ ነገሮች ጥምር ነው። አርቴሜተር ፈጣን ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አብዛኛውን የወባ ተሕዋስ ይገድላል፤ ነገር ግን በሰዓታት ውስጥ ከሰውነት ይወጣል። ሉሜፋንትሪን ደግሞ ዝግተኛ ሲሆን በደም ውስጥ ለቀናት ቆይቶ የተረፈውን ተሕዋስ ያጠፋል። ትኩሳቱን በፍጥነት የሚያበርደው የመጀመሪያው፣ በሽታው ተመልሶ እንዳይመጣ የሚያደርገው ደግሞ በዋናነት ሁለተኛው ነው።

ችግሩ ያለው በሁለተኛው ላይ ነው። ሉሜፋንትሪን በውኃ አይሟሟም፤ የሚሟሟው በቅባት ነው። ቅባት ያለው ምግብ አንጀት ሲደርስ የሐሞት ከረጢት ሐሞት ይለቃል። ሐሞት ሳሙና የዘይት ቅባትን በውኃ ውስጥ እንደሚበትን ሁሉ፣ ቅባቱንና በቅባቱ ውስጥ የሟሟውን መድኃኒት ወደ ጥቃቅን ጠብታዎች ከፋፍሎ በአንጀት ግድግዳ እንዲያልፍ ያደርጋል። ቅባት ከሌለ ግን መድኃኒቱ ሳይሟሟ በአንጀት አልፎ ከሰገራ ጋር ይወጣል። በጤናማ ፈቃደኞች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ቅባት ከበዛበት ምግብ በኋላ የተወሰደ ሉሜፋንትሪን በባዶ ሆድ ከተወሰደው እስከ 16 እጥፍ በሚደርስ መጠን ወደ ደም ገብቷል። የአርቴሜተር ጭማሪ ከ2 እስከ 3 እጥፍ ገደማ ነው።

ሆኖም የሚያስፈልገው ቅባት ብዙ አይደለም። 1.2 ግራም ያህል ቅባት ብቻ የሉሜፋንትሪንን ወደ ደም መግባት ወደ ከፍተኛው መጠን እንደሚያቀርበው በጥናት ታይቷል። ይህም በአንድ የቡና ሲኒ ያልተገፋ የላም ወተት ውስጥ የሚገኝ መጠን ነው። ስለዚህ ታካሚው ድግስ አያስፈልገውም፤ ጥቂት ነገር ግን ቅባት ያለው ምግብ ያስፈልገዋል። በሻይ የተነከረ ዳቦ ወይም ወጥ የሌለው እንጀራ ሆድ ቢሞላም የቅባቱ መጠን አነስተኛ ነው። ወተት፣ እርጎ፣ እንቁላል፣ በዘይት የተሠራ ሽሮ ወይም ምስር፣ አቮካዶ ወይም ጥቂት ኦቾሎኒ የተሻሉ ናቸው።

በምሳሌ ሲታይ

አንድ 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጎልማሳ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ብሎት ጤና ጣቢያ ሄደ እንበል። የደም ምርመራው ፋልሲፓረም ወባ መሆኑን አሳየና 24 ፍሬ ኪኒን ተሰጠው። ክብደታቸው 35 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ ለሆኑ ታካሚዎች መደበኛው መጠን በአንድ ጊዜ 4 ፍሬ ሲሆን፣ በ3 ቀናት ውስጥ 6 ጊዜ ይወሰዳል። ሁለተኛው መጠን ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጠዋትና ማታ፣ በየ12 ሰዓቱ ገደማ ይወሰዳል።

ታካሚው የመጀመሪያውን 4 ፍሬ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ በጤና ጣቢያው ወሰደ። ሁለተኛው መጠን ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ይሆናል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓትና ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ አራት አራት ፍሬ ይወስዳል። በሦስተኛው ቀን ምሽት ኪኒኑ ያልቃል።

በመጀመሪያው ቀን ታካሚው ያቅለሸልሸዋል፤ የምግብ ፍላጎትም የለውም። ይህ በወባ ሕሙማን ላይ የሚጠበቅ ነው። ምግብ መብላት አልቻልኩም ብሎ ግን የመጀመሪያውን መጠን ማዘግየት የለበትም፤ ወባ ሲዘገይ ሊከፋ የሚችል በሽታ ነውና። አንድ ሲኒ ወተት ወይም ሁለት ሦስት ጉርሻ በዘይት የተሠራ ሽሮ ከቻለ ከዚያ ጋር ይወስዳል፤ ካልቻለ መድኃኒቱን ወስዶ ሆዱ ሲረጋጋ ወዲያው ምግብ ይጀምራል። ኪኒኑን ከዋጠ በ1 ሰዓት ውስጥ ካስታወከ ሙሉውን መጠን መድገም ያስፈልገዋል፤ ለዚህም ተተኪ ኪኒን እንዲሰጠው ወደ ጤና ተቋሙ መመለስ ይኖርበታል።

በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ይበርዳል፤ የምግብ ፍላጎቱም ይመለሳል። ሁለት ስሕተቶች የሚፈጸሙት እዚህ ላይ ነው። አንደኛው፣ ታካሚው እንደተሻለው ሲያውቅ ጠዋት ኪኒኑን በውኃ ብቻ ውጦ ወደ ሥራው መሄዱ ነው። ሁለተኛው፣ የቀረውን ኪኒን ለሌላ ጊዜ ማስቀመጡ ነው። የተሻለው አርቴሜተር ስለሠራ ነው፤ የሉሜፋንትሪን ሥራ ግን ገና አላለቀም። የምግብ ፍላጎት በሚመለስባቸው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን የሚወሰዱት አራት መጠኖች በደንብ ወደ ደም የሚገቡት ከምግብ ጋር ከተወሰዱ ነው።

ሉሜፋንትሪን በበቂ መጠን ወደ ደም ካልገባ ውጤቱ ወዲያውኑ አይታይም። ታካሚው ይድናል፤ ከዚያም ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ትኩሳቱ ሊመለስ ይችላል። ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ በ28 ቀናት ውስጥ ትኩሳት የተመለሰበት ታካሚ ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ደሙን ማስመርመርና መድኃኒቱን እንዴት እንደወሰደ፣ ከምግብ ጋር መሆኑንም ጭምር፣ ለባለሙያው መናገር ይኖርበታል። ደጋግሞ ማስታወክ፣ መብላትም ሆነ መጠጣት አለመቻል፣ መንቀጥቀጥ ወይም ራስን መሳት ከታየ ግን ቀን ሳይቆጠር ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

ምግብ እንቅፋት ሲሆን

ለሌሎች መድኃኒቶች ይኸው ምግብ ተቃራኒውን ያደርጋል። በዚህ ረገድ በየቤቱ የሚገኘው ምሳሌ ለነፍሰ ጡር እናቶችና ለደም ማነስ የሚሰጠው የብረት ማዕድን ኪኒን ነው። ብረት በአንጀት ግድግዳ የሚያልፈው ነጻ ሆኖ ሲገኝ ነው። በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች፣ በወተት ውስጥ ያለው ካልሲየም፣ ከሁሉም ይልቅ በሻይና በቡና ውስጥ ያሉት ውሕዶች ብረቱን ይዘው ወደ ደም የማያልፍ ነገር ያደርጉታል። ስለዚህ ብረት በባዶ ሆድ ሲወሰድ የተሻለ ይሠራል። ምግብ ከተበላ በኋላ ቡና በሚፈላበት ቤት ደግሞ «ከምሳ በኋላ» የተዋጠ ኪኒን ከቡናው ጋር እኩል ሆድ ይደርሳል።

ብዙ እናቶች ግን የብረት ኪኒን በባዶ ሆድ ሲወስዱ ያቅለሸልሻቸዋል፤ ሆድ ድርቀትም ያስቸግራቸዋል። በዚህ ጊዜ ኪኒኑን ማቆም መፍትሔ አይደለም። ከእራት 2 ሰዓት በኋላ፣ ወደ መኝታ ሲሄዱ መውሰድ ለብዙዎች ይቀላል። ይህም ካልተቻለ ከጥቂት ምግብ ጋር መውሰድ ይቻላል፤ ወደ ደም የሚገባው ብረት ቢቀንስም ጨርሶ ከማቆም ይሻላል። ሻይና ቡናን ግን ከኪኒኑ ቢያንስ 1 ሰዓት፣ ከተቻለ 2 ሰዓት ማራቅ ይገባል። ሰገራ መጥቆሩ በብረት ምክንያት የሚጠበቅ ነው።

የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) መድኃኒቶች ሁለተኛው ምሳሌ ናቸው። ከመድኃኒቶቹ መካከል ሪፋምፒሲን እና አይሶኒያዚድ ከምግብ ጋር ሲወሰዱ ወደ ደም የሚገባው መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ ምግብ ከመብላት 1 ሰዓት በፊት ወይም ከበሉ 2 ሰዓት በኋላ እንዲወሰዱ ይመከራል። ሕክምናው ወራት የሚፈጅ በመሆኑ በባዶ ሆድ መውሰድ ማቅለሽለሽ የሚያስከትልባቸው ታካሚዎች ያጋጥማሉ። ለእነዚህ ታካሚዎች ባለሙያው ቅባት ከሌለው ጥቂት ምግብ ጋር እንዲወስዱ ሊፈቅድ ይችላል። የወደ ደም መግባቱ ጥቂት መቀነስ ሕክምናውን ከማቋረጥ ያነሰ ጉዳት ነው፤ የተቋረጠ ሕክምና መድኃኒት የተላመደ ነቀርሳ ያስከትላልና።

ሲፕሮፍሎክሳሲን እና ዶክሲሳይክሊን የተባሉት ፀረ ተሕዋስያን ደግሞ ምግብን በጠቅላላ ሳይሆን በተለይ ወተትን፣ እርጎንና የብረት ወይም የካልሲየም ኪኒንን ይሸሻሉ። ዶክሲሳይክሊን ጉሮሮን ሊያቆስል ስለሚችል በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ቀና ብሎ ተቀምጦ ይወሰዳል፤ ከወሰዱ በኋላም ወዲያው አይተኛም። ማቅለሽለሽ ካለ ወተት ከሌለበት ምግብ ጋር መውሰድ ይቻላል።

ምግብ መከተል ሲኖርበት

ኦሜፕራዞል ለጨጓራ ሕመም በስፋት ይታዘዛል። በፖስታው ላይ «ከምግብ በፊት» ይላል፤ ብዙዎችም ዋናው ነገር ሆድ ባዶ መሆኑ ብቻ ነው ብለው ይረዱታል። የመድኃኒቱ አሠራር ግን ከዚህ ያልፋል። ጨጓራ አሲድ የሚረጨው በግድግዳው ባሉ ጥቃቅን ፓምፖች አማካይነት ነው። እነዚህ ፓምፖች በብዛት ሥራ የሚጀምሩት ምግብ ሲመጣ ነው፤ ኦሜፕራዞልም የሚዘጋው ሥራ ላይ ያለውን ፓምፕ ነው። ስለዚህ ከምግብ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት በፊት ተወስዶ ወደ ደም ከገባ በኋላ ምግቡ መከተል ይኖርበታል። ጠዋት ወስዶ እስከ ከሰዓት በኋላ ሳይበላ የሚቆይ ታካሚ የመድኃኒቱን ኃይል ያባክናል። ሲቃጥል ብቻ፣ ምግብ ከተበላ በኋላ የሚወስደው ሰውም እንዲሁ ተገቢውን ውጤት አያገኝም።

ግሊቤንክላማይድ የተባለው የስኳር በሽታ ኪኒንም ምግብ እንዲከተለው ይፈልጋል፤ እዚህ ላይ ግን ጉዳዩ የደኅንነት ነው። ኪኒኑ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲለቅ ያደርጋል፤ የተለቀቀው ኢንሱሊንም ምግብ መጣም አልመጣም የደም ስኳርን ይቀንሳል። ኪኒኑን ወስዶ ሳይበላ የቀረ ሰው ላብ ያጠምቀዋል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ልቡ ይመታል፤ ግራ ይጋባል፤ ሲከፋም ራሱን ይስታል። እነዚህ ምልክቶች የታዩበት ሰው ራሱን እስካወቀ ድረስ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ወዲያውኑ መጠጣት፣ ከዚያም ምግብ መብላት አለበት። ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም አይሰጥም፤ በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል። የማይበላበት ሰዓት መሆኑን አስቀድሞ ያወቀ ታካሚ ያንን መጠን መውሰድ የለበትም።

ምግብ ሆድን ሲያስታግስ

አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና አስፒሪን «ከምግብ በኋላ» ወይም «ከምግብ ጋር» የሚታዘዙት ወደ ደም መግባታቸው እንዲጨምር አይደለም። የሆድ ማቃጠልንና ማቅለሽለሽን ለመቀነስ ነው። ይሁንና ምግብ የሚሰጠው ጥበቃ ውስን ነው። እነዚህ መድኃኒቶች የጨጓራን ሽፋን የሚያሳሱት ሲነኩት ብቻ ሳይሆን ወደ ደም ከገቡ በኋላ ሽፋኑን የሚጠብቀውን ንጥረ ነገር በመቀነስ ጭምር ነው። ስለዚህ ዘወትር ከምግብ በኋላ የሚወስድ ሰውም የጨጓራ ቁስል ሊያጋጥመው ይችላል። ሰገራ እንደ ቅጥራን ጠቁሮ ሲጣበቅ ወይም ደም የቀላቀለ ትውከት ሲታይ መድኃኒቱን አቁሞ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር በሽታ ኪኒን «ከምግብ ጋር» የሚወሰደውም በተመሳሳይ ምክንያት ነው፤ ማቅለሽለሽና ተቅማጥ እንዲቀንስ። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ እንደ ግሊቤንክላማይድ የደም ስኳርን በድንገት ወደ አደገኛ ደረጃ የማውረድ ዕድሉ አነስተኛ ነው። ሁለቱም የስኳር መድኃኒቶች ሆነው ሳለ በፖስታቸው ላይ ያለው ሐረግ የተለየ ትርጉም የያዘው በዚህ ምክንያት ነው።

በጾም ወቅት

እስከ 9 ሰዓት ወይም እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ድረስ የማይበላባቸው ቀናት፣ እንዲሁም ወተት፣ ቅቤና ሥጋ የማይበላባቸው ወቅቶች የመድኃኒት አወሳሰድን ይለውጣሉ። የምግቡ ዓይነት መለወጥ ለወባ መድኃኒት እንቅፋት አይሆንም፤ በዘይት የተሠራ የጾም ወጥ፣ የተልባ ወይም የሱፍ ፍትፍት፣ ኦቾሎኒም በቂ ቅባት አላቸው። እንቅፋት የሚሆነው ሰዓቱ ነው። በወባ የታመመ ሰው የጠዋቱን መጠን ያለ ምግብ ከወሰደ ወይም እስከ ከሰዓት በኋላ ካዘገየ ሕክምናው ይጓደላል። ሕመምተኛ ከጾም የሚያርፍበት ሥርዓት በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም በእስልምናም ያለ በመሆኑ፣ ታካሚው ለሦስቱ የሕክምና ቀናት ከንስሐ አባቱ ወይም ከሃይማኖት መምህሩ ጋር መነጋገር ይችላል።

ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስዱ ታካሚዎች ጾም ከመግባቱ ከሳምንታት በፊት ሐኪማቸውን ማማከር አለባቸው። መጠኑና ሰዓቱ የሚስተካከለው በሐኪም ነው፤ የጠዋቱን ኪኒን በራስ ውሳኔ ወደ ማታ ማዛወር ወይም ሁለቱን በአንድ ላይ መውሰድ አደገኛ ነው። የብረት ኪኒንን፣ የቲቢ መድኃኒትንና የመሳሰሉትን በሚመለከት ግን በውኃ መውሰድ እስከተቻለ ድረስ የጠዋቱ ባዶ ሆድ የሚስማማቸው ነው።

ሰዓቱ ወይም ምግቡ ሲያልፍ

የወባ መድኃኒትን በባዶ ሆድ የወሰደ ሰው መጠኑን መድገም የለበትም፤ ሳይዘገይ ቅባት ያለው ምግብ መብላትና ቀጣዩን መጠን ከምግብ ጋር መውሰድ ይገባዋል። በባዶ ሆድ መወሰድ ያለበትን መድኃኒት ረስቶ ምግብ የበላ ሰው ደግሞ 2 ሰዓት ቆይቶ ይወስዳል። ኦሜፕራዞልን የረሳ ሰው ከሚቀጥለው ዋና ምግብ በፊት ሊወስድ ይችላል። በማናቸውም ሁኔታ ያለፈውን ለማካካስ ሁለት መጠን በአንድ ጊዜ መውሰድ አይፈቀድም።

መድኃኒት ሲረከቡ

በፖስታው ላይ የምግብ መመሪያ ካልተጻፈ ምንም ልዩነት የለውም ብሎ መደምደም አይገባም፤ ሳይጻፍ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ታካሚው ከመድኃኒት ቤት መስኮት ከመነሣቱ በፊት የሚከተሉትን መጠየቅ ይኖርበታል።

- መድኃኒቱ የሚወሰደው በባዶ ሆድ ነው ወይስ ከምግብ ጋር? ከምግቡስ በስንት ደቂቃ ወይም ሰዓት ይራራቃል?
- ምክንያቱ ምንድን ነው፤ ወደ ደም መግባቱ ነው፣ የሆድ ሕመምን ለመቀነስ ነው ወይስ የደም ስኳር እንዳይወርድ?
- መብላት ካልተቻለ መድኃኒቱ ይወሰዳል ወይስ ይዘለላል?
- ከወተት፣ ከሻይና ከቡና ወይም ከሌላ ኪኒን መራቅ አለበት?

ታካሚው የሚጾም፣ በቀን ከሦስት ጊዜ ያነሰ የሚመገብ ወይም በሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ከሆነ ይህንኑ መናገር አለበት። ባለሙያው በዚያ መሠረት ሰዓቱን ለይቶ በፖስታው ላይ ይጽፍለታል፤ «ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ከቁርስ 1 ሰዓት በፊት» ተብሎ የተጻፈ መመሪያ «ከምግብ በፊት» ከሚለው ይልቅ ለመከተል ይቀላል። መድኃኒት ከተወሰደ በኋላ ያልተጠበቀ ጉዳት ሲያጋጥም መድኃኒቱን ለሰጠው ጤና ተቋም ወይም ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነጻ የስልክ መስመር 8482 ማሳወቅ ይቻላል።